የደንበኛዬን ቀሚስ ለኤዲተር በደብዳቤ ገለጽኩለት፤ የመጣው ምስል ግን ሌላ ነው

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ሰላም ቤቶች። ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ሁለት መኪና፣ አንድ ረዳት። አሜሪካ ያለች ደንበኛዬ ለመልሷ የሚሆን ቀሚስ አዛኛለች። ሸማው ተሸምኖ እጄ ገብቷል፤ መቀስ ግን ገና አላሳረፍኩበትም። እሷ ደግሞ «ከመቆረጡ በፊት ተሰፍቶ ምን እንደሚመስል ልየው» አለች። ፎቶ የሚያሳምርልኝ ልጅ «በኤአይ አወጣልሻለሁ፣ ፕሮምፕቱን ማለትም ለኤአዩ የሚሰጠውን ትእዛዝ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አንቺ ቀሚሱን በደንብ ግለጪልኝ» አለኝ። ይህንን ላኩለት፦

«ወንድሜ እንደምን ሰነበትክ። ቀሚሱ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ነጭ መነን ነው። ፊት ለፊቱ ከአንገት እስከ ታች ጥበብ አለው፣ ስፋቱ 13 ሳንቲ። ታቹም ዙሪያውን 20 ሳንቲ ጥበብ አለው። የእጅጌው ጫፍ ላይ 5 ሳንቲ። ጥበቡ ወይን ጠጅና ወርቃማ ነው፣ በጣም ያምራል። ወገቡ ላይ ቆረጥ ብሎ ሽንሽን አለው። ከትከሻ እስከ ታች 138 ሳንቲ ነው። ዶቃ የለውም። ጨሌም የለውም። ነጠላ አለው። ልጅቷ ረዘም ያለች ቀጭን ናት። አመሰግናለሁ።»

የመጣልኝን ብታዩ ትስቃላችሁ። ጨርቁ እንደ ሳቲን ያብለጨልጫል። ደረቱ ላይ ጥበብ ሳይሆን የአበባ ጥልፍ። ዶቃ የለውም ብዬ፣ ደረቱ ዶቃ በዶቃ! አራት ጊዜ ደጋገመው፣ አራቱም ለየቅል ናቸው። ልጁን መውቀስ አልፈልግም፣ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ምን አጎደልኩ?

---

ቶሎቶሎ

እህቴ ችግሩ ቀላል ነው። ፕሮምፕቱ አጥሯል። አሠልፎ ሁሉንም ነገር መጻፍ አለበት፤ 8k፣ ultra detailed ምናምን ካልተባለ ጥራት አይመጣም። በአማርኛ ጽፎትም ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይረው። የዶቃውን ጉዳይ ደግሞ no beads ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገመው፣ ይገባዋል።

---

የሌሊት ኤዲተር

ቶሎቶሎ፣ እንግሊዝኛው ላይ ልክ ነህ። ብዙዎቹ ምስል አውጪዎች የሠለጠኑት በአብዛኛው እንግሊዝኛ መግለጫ ባላቸው ፎቶዎች ነው፣ አማርኛውን ቢቀበሉም ይስቱታል። ሌላው ላይ ግን አልስማማም።

ርዝመት ብቻውን አያድንም። ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለው ምስል አውጪ የድሮ ዓይነቶች በአንድ ጊዜ የሚያነቡት 77 ቁራሽ ነው፣ ቁራሽ ማለት አንዳንዴ ሙሉ ቃል አንዳንዴ ግማሽ ቃል ነው። ከዚያ ያለፈውን ወይ ይቆርጡታል ወይ ለሁለት ከፍለው ያነቡታል። አዳዲሶቹ ብዙ ይሸከማሉ። ሆኖም መጀመሪያ የተጻፈው የበለጠ ይሰማል። 8k ብለህ ቦታውን ከሞላኸው ጥበቡ መጨረሻ ላይ ይወድቅብሃል።

no beads የሚለው ደግሞ ጭራሽ ያባብሳል። ብዙዎቹ ዶቃ የሚለውን ቃል ያያሉ፣ «የለም» የሚለውን ግን አይይዙም። የማይፈለገው የሚጻፍበት የተለየ ሳጥን ያላቸው አሉ፣ ካለ እዚያ ይግባ። ከሌለ የሌለውን ትተሽ ያለውን ነው የምትጽፊው። «ዶቃ የለውም» በማለት ፈንታ «ደረቱ ሙሉ በሙሉ ልሙጥ ጥጥ ነው፣ ጥበቡ ከጨርቁ እኩል ተኝቷል»።

እትዬ፣ ወደ አንቺ ደብዳቤ ልመለስ። ከሁሉ በላይ የጎደለው ሳንቲሜትሩ ወደ ሰውነት አለመመለሱ ነው። ኤአይ 13 ሳንቲ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። ሜትር የለውም። «ከአንገቷ ስፋት አይበልጥም» ካልሽው ግን አንገቷ ምስሉ ውስጥ አለ፣ ያመዛዝናል። 20 ሳንቲውም እንደዚያው፣ ስንዝር በይው፤ ወይም ከጉልበት በታች ካለው እግር ግማሹን ይሸፍናል በይ። 138 ሳንቲ ምንም አይነግረውም። ቁርጭምጭሚቷን ይሸፍናል ወይስ ጫማዋ ይታያል?

«በጣም ያምራል» ያልሽውንም ልጁ beautiful ብሎ ጽፎት ይሆናል። ሳቲኑን ሳይጠራብሽ አልቀረም።

---

ብሩኬ

መነኑ በሜትር ስንት ገባ? ባለፈው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ሄጄ ዋጋው አስደንግጦኛል። ለእናቴ ፈልጌ ነበር።

---

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ብሩኬ ወንድሜ፣ እሱን በውስጥ እንነጋገር። 🙂 እዚህ ስለ ምስሉ ነው።

ኤዲተር፣ ስንዝሩን ወድጄዋለሁ። እኔ እኮ ደንበኛ ፊቴ ሲቆም በስንዝር ነው የምገምተው፤ ሜትሩን የማወጣው በኋላ ነው። ለልጁ ስጽፍ ግን የተማረ መምሰል አማረኝ። ቁርጭምጭሚቷን ይሸፍናል፣ የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው።

አበባው ግን አሁንም አልገባኝም። አበባ የሚል ቃል አልጻፍኩም።

---

የሸማኔ ልጅ

አበባው የመጣው ልጁ ጥበቡን embroidery ብሎ ስለተረጎመው ነው። እርግጠኛ ሆኜ ልወራረድ እችላለሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው፣ የሱቆቹ ድረ ገጽ ሳይቀር። ጥበብ ግን ጥልፍ አይደለም።

ጥልፍ ያለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ይሄዳል። መርፌ ወደ ፈለገው ይዞራል። አበባ፣ ሐረግ፣ ክብ፣ የፈለግሽውን። ጥበብ ግን ጨርቁ ገና እየተሸመነ ነው የሚገባው። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ይቀመጣል፣ ድሩን ይከፍታል፣ ማጉን ይወረውራል፤ ከዚያ ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ በድሩ መሃል ያስገባዋል። ደግሞ ማጉን ይወረውራል። ባለቀለሙ ክር ወደ ጎን ብቻ ነው የሚሄደው። ቅርጹ ወደ ላይ መውጣት ካለበት የሚቀጥለውን መስመር መጠበቅ ግዴታ ነው። ስለዚህ ጥበብ ላይ ተዳፋት የለም፣ ሁሉም ደረጃ ነው። አልማዝ የሚመስለው ቅርጽ እንኳ ጠጋ ብለሽ ስታይው ጠርዙ እንደ ደረጃ ነው የሚወጣው።

ምስሉ ልክ ይሁን አይሁን ለማወቅ እኔ የማደርገው ይህንን ነው። ጥበቡን አጉልቼ ጠርዙን አያለሁ። ለስልሶ ከዞረ ጥልፍ ወይም ህትመት ነው የሠራው። ደረጃ ካለው ሽመና ገብቶታል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሰፊዋ፣ የፊቱ ጥበብ ለብቻው የተሸመነ ነው ወይስ ከሸማው ጋር?

---

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ለብቻው ነው። ረዥም መቀነት መስሎ ነው የመጣልኝ። መሃል ላይ አስገብቼ ግራና ቀኙን እሰፋዋለሁ። የታቹ ግን ከሸማው ጫፍ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው።

---

የሸማኔ ልጅ

እንደዚያ ከሆነ ሽንሽኑን ብቻውን አትጻፊው። «ወገቡ ላይ ሽንሽን አለው» ሲባል ኤአዩ ዙሪያውን ይሸነሽናል፣ ጥበቡንም አብሮ ያጥፈዋል። አንቺ ጥበቡን ትሸነሽኚዋለሽ?

---

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ኧረ በጭራሽ! ጥበቡ ከተሸነሸነ ቅርጹ ይጠፋል፣ ወፍራም ስለሆነም ወገብ ላይ ይቆለላል። ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ይወርዳል። ሽንሽኑ የሚጀምረው ከጥበቡ ጎን ሦስት ጣት ገባ ብሎ ነው፣ ወደ ኋላ ይዞራል።

አሁን ምስሎቹን ተመልሼ አየኋቸው። እውነትህን ነው፣ አራቱም ላይ ጥበቡ ወገብ ላይ ተጨማዶ ነው የሚወርደው። ዓይኔ ዶቃው ላይ ቀርቶ አላየሁትም።

---

የሌሊት ኤዲተር

ይህቺ «ሦስት ጣት ገባ ብሎ» ያልሽው ደብዳቤው ውስጥ ብትኖር ኖሮ ልጁ ግማሽ ሥራው ያልቅለት ነበር። ልብስ ሰፊ ብቻ የሚያውቀው ነገር እሱ ነው፤ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል፣ የቱ ልሙጥ ነው፣ የቱ ይታጠፋል። «የሐበሻ ቀሚስ» ማለትን እኮ ልጁም ያውቀዋል።

በነዚህ ብቻ ፕሮምፕቱ ይህን ሊመስል ይችላል፦

```
full body, tall slim woman, ankle-length dress,
matte cream handwoven cotton, soft and slightly thick,
one flat woven band down the center front, as wide as her neck,
band of stepped geometric diamonds, wine red and dull gold thread,
skirt gathered only at the sides and back, front stays flat,
same woven band at hem, one hand-span high
```

«matte» የምትለዋን አትዝለሉ፣ የማያብረቀርቅ ማለት ናት፣ ሳቲኑን የምታባርረው እሷ ናት። «cream» ያልኩት ደግሞ white ሲባል እንደ ሐኪም ጋውን የነጣ ነገር ስለሚያመጣ ነው።

ግን አንድ እውነት ልንገርሽ እትዬ። የቱንም ያህል ብትጽፊ ያንን ጥበብ ራሱን አያወጣውም። አንድ ዘመዱን ነው የሚያወጣው። ስንት አልማዝ እንዳለ፣ በመሃላቸው ያለችው ቀጭን መስመር የት እንደምታርፍ በቃላት አይነገርም፤ ቢነገርም እነዚህ ነገሮች መቁጠር ላይ ደካሞች ናቸው። ስለዚህ ቅርጹን በጽሑፍ አውጥታችሁ ጥበቡን ከፎቶ አስገቡት። ጥበቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከላይ ቀጥ አድርገሽ አንሺው። ልጁ ምስሉ ላይ የጥበቡን ቦታ ብቻ መርጦ ያንን ፎቶ ይተካበታል፣ ከዚያ በእጥፋቱ ልክ ያጎብጠዋል። የፊቱ ልሙጥ ስለሆነ ይቀላል። የታቹ ግን ከሽንሽኑ ጋር ስለሚወዛወዝ ያደክመዋል።

ፎቶውን ስታነሺ ሱቅ ውስጥ ባለው ቢጫ አምፖል አይሁን። ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ደጅ ጥላ ውስጥ። አጠገቡ ነጭ ወረቀት አስቀምጪ። ልጁ ወረቀቱን ነጭ እስኪሆን ሲያስተካክለው ወይን ጠጁም ወደ ቦታው ይመለሳል።

---

ቶሎቶሎ

እሺ ዶቃው ላይ ተሸንፌያለሁ፣ አሁን ሞክሬው አየሁት። «no hat» ብዬ ባርኔጣ ሰጠኝ። 😂 ግን 8k አሁንም ለውጥ ያመጣል ባይ ነኝ።

---

እማማ ጽጌ ነኝ

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ኮምፒውተሩ የማውቀው የለም። ልጄ ናት የምታነብልኝ። ግን ሰፊዋ፣ ነጠላ አለው ብለሽ ብቻ ነው የተውሽው። ነጠላው እንዴት ነው የተለበሰው ምስሉ ላይ?

---

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

እማማ፣ እንዳልዋሽዎ በደንብ አላየሁትም ነበር። ይቆዩኝ ልየው።

ጉድ ነው እማማ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ጥበቡ ወደ ፊቷ ዞሯል። ሁለቱ ላይ እንደዚያ ነው።

---

እማማ ጽጌ ነኝ

ይኸውልሽ! አዘቅዝቆ አለበሳት። ሙሽሪት ለመልሷ ልቅሶ ቤት የመጣች አስመሰላት። እናትየው ብታየው ምን ትል ነበር? ማሽኑ አይፈረድበትም፣ የሚያውቀው ነገር የለ። እናንተ ንገሩት። ጥበቡ ወደ ታች፣ ነጠላው በግራ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ ጫፉ ከኋላ ይውረድ በሉት።

---

የሌሊት ኤዲተር

እማማ፣ እኔ ራሴ ይህን ሳላይ ስንት ምስል አውጥቼ ለደንበኛ አስረክቤያለሁ መሰለዎት። ዛሬ ማታ ወደ ኋላ ሄጄ የድሮ ሥራዎቼን ላይ ነው።

ለልጁ የሚጻፍለት እንዲህ ነው፦ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥጥ፣ በአንድ ትከሻ ላይ የተጣለ፣ አንገትን የማይነካ፣ ባለጥበቡ ጫፍ ዳሌ አካባቢ ወደ ታች የተንጠለጠለ። scarf የሚለውን ቃል አይጠቀም። እሱን ካየ አንገት ላይ ነው የሚጠመጥመው።

---

ከዱባይ ነኝ

እኔ የምለው ሌላ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እንዲህ ዓይነት ምስል ለደንበኛ ማሳየት ራሱ ልክ አይደለም። አምና ለእህቴ ሠርግ ከአገር ቤት አዝዤ እንደዚህ ያለ ምስል ላኩልኝ። ልብ ይሰርቃል። ከፈልኩ። የመጣው ጨርቅ ጥበቡ በማሽን የተጠለፈ፣ ቀለሙ ሌላ፣ ርዝመቱም ያጠረ ነበር። ስጠይቃቸው «እሱ እኮ ማሳያ ነው» አሉኝ። ማሳያ ከሆነ መጀመሪያ ለምን አልነገሩኝም? ጨርቁን በቪዲዮ አሳዪያት፣ በቃ።

---

የሌሊት ኤዲተር

ሕመምሽ ይገባኛል። ግን የጨርቅ ቪዲዮ ተሰፍቶ እንዴት እንደሚወርድ አያሳይም። ምስሉ ላይ «በኤአይ የተሠራ ማሳያ» ብሎ ጽፎ፣ ከእውነተኛው ጨርቅ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን መላክ ይቻላል።

---

ከዱባይ ነኝ

ጽሑፉን ማን ያነባል? ዓይን ያየውን ነው የሚይዘው። እኔ አልስማማም።

---

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሱቁን ዘግቼ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ለሌላ ሰው ይጠቅም ከሆነ ይኸው፦

«ወንድሜ እንደምን ነህ። የድሮውን ደብዳቤ ተወው። ጨርቁ በእጅ የተሸመነ ጥጥ ነው፣ ቀለሙ ወተት የሚመስል፣ አያብረቀርቅም። ገበር ስላለው ሰውነት አያሳይም። አንገቱ ክብ ነው፣ ፊት ለፊት አንድ ጣት ያህል ብቻ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ጀምሮ እስከ ታች አንድ ጥበብ ይወርዳል። ስፋቱ የአንገቷ ያህል ነው፣ ላይም ታችም እኩል ነው፣ የትም ቦታ አይታጠፍም። ጥበቡ የተሸመነ ነው፣ የተጠለፈ አይደለም። ስትተረጉመው woven በል። ቅርጹ አልማዝ ነው፣ ጠርዙ እንደ ደረጃ። ወይን ጠጁ ይበዛል፣ ወርቃማው ደብዘዝ ያለ ክር ነው፣ ጌጥ አይደለም። ወገቡ በትክክል ወገቧ ላይ ነው። ሽንሽኑ ከጥበቡ ግራና ቀኝ ሦስት ጣት ገባ ብሎ ይጀምርና ኋላዋን ይዞራል። እጅጌው ከክርኗ በታች ሰፋ እያለ ሄዶ አንጓዋ ላይ ያበቃል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጣት ተኩል ጥበብ። ታቹ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ጥበብ፣ የጫማዋ ጫፍ ብቻ ይታያል። ነጠላው በግራ ትከሻዋ ተጥሎ ጥበቡ ወደ ታች ነው፣ አንገቷን አይነካም። የጥበቡን ፎቶ ከነጭ ወረቀት ጋር ልኬልሃለሁ። የልጅቷን ፎቶ ግን አልልክም፣ ሳታውቀው ፊቷን የትም እንዲገባ አልፈልግም። ቁመቷና ቅጥነቷ ይበቃሃል።»

ዛሬ ከሰዓት ምስሉ መጣ። ዶቃ የለም። ሳቲን የለም። ጥበቡ የራሴ ጥበብ ነው፣ ሳየው ደነገጥኩ። ነጠላውም ቦታው ላይ ነው፣ እማማ ይድረስዎ። የግራ እጅጌ ጥበብ ከቀኙ ትንሽ ይሰፋል፣ ልጁ አስተካክለዋለሁ ብሏል። ከዱባይ የጻፍሽው እህቴ፣ አንቺን አስቤ «ማሳያ» የሚለውን በትልቁ አጽፌ፣ ጨርቁን በእጄ ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ አብሬ ላኩላት።

ደንበኛዬ አሁን መለሰች። «ወደድኩት! በተለይ ከኋላ መሬት የሚጎተተው ጅራቱ!»

እኔ ጅራት አልጻፍኩም። ከኋላ በኩል ማሽኑ ራሱ ጨምሮበት ነው፣ ስንዝር ተኩል ይሆናል። እኔም ልጁም አላየነውም። ሸማው ደግሞ በልኬቷ ነው የተሸመነው፣ ትርፍ ያለኝ ለእጅጌ የሚሆን ብቻ ነው።

---

ከዱባይ ነኝ

አላልኩም?

---

የሸማኔ ልጅ

ሸማኔሽ ድሩን ቆርጦታል?

---

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ቆርጦታል። አሁን የሰው ጋቢ ላይ ነው ያለው።

---

የሸማኔ ልጅ

እንግዲያው አዲስ ድር ማድራት አለበት፣ ለስንዝር ተኩል ብሎ ማንም አያደራልሽም። ቢያደራም ወይን ጠጁ ከሌላ ቀን ክር ጋር አንድ አይሆንም፣ መጋጠሚያው ይታያል። በነጠላው በኩል ሞክሪ። ነጠላውን ከኋላ ረዘም አድርገሽ ብትለቂው ያንን ጅራት ሊመስላት ይችላል። መጀመሪያ ግን ደውለሽ ንገሪያት፣ በጽሑፍ አይሆንም።

---

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

እሺ። ነገ ማታ እደውላለሁ። መቀሱን መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።